ማረጋገጫው አልቋል፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም። የክፍያ ገጹን የሚያነብልኝ ሰው አለ?

ሰኞገበያ_ሸማ (ደሴ) | ኅዳር 3

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ነጠላና ጋቢ ነው የምሸጠው። ፈትሉን እናቴና ጎረቤቶቿ ይፈትሉታል፣ ሸማኔያችን ይሠራል፣ እኔ ፎቶ አንስቼ ውጭ አገር ባለ የኦንላይን ገበያ ላይ አወጣዋለሁ። ሱቁን ከከፈትኩ ሦስት ወር አይሞላም። እስካሁን ሦስት ትዕዛዝ ልኬያለሁ፣ አንድ ሳንቲም ግን አልደረሰኝም።

መጀመሪያ ማንነትሽን አረጋግጪ አሉኝ። ፓስፖርትና የባንክ ስቴትመንት ላክሁ፣ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱን በግልጽ የሚናገር የለም፣ «መረጃው ሊረጋገጥ አልቻለም» ብቻ። ቆይቼ ሳየው ፓስፖርቴ ላይ የአባቴ ስም Seyid ነው፣ ባንኩ ደግሞ Seid ብሎ ጽፎታል። ቅርንጫፉ ሄጄ ፓስፖርቴን አሳይቼ በሲስተማቸው ላይ አስተካከሉልኝ፣ አዲስ ስቴትመንት አወጡልኝ፣ መልሼ ላክሁት። ጥቅምት 27፣ በፈረንጅ Nov 6 መሆኑ ነው፣ ተቀበሉት። አልሐምዱሊላህ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ይኸው ዛሬ ስድስት ቀን። ገጹ ይህን ይላል፦

```
Total balance    412.60
Pending          268.10
Reserved          96.50
Available         48.00
Next payout      Nov 18
```

ከሁሉ በፊት የነበረው የክፍያ ቀን Nov 4 ነበር፣ እሱ በማረጋገጫው ምክንያት አመለጠኝ። አሁን ማረጋገጫው ካለቀ ለምን ወዲያው አይከፍሉም? ደግሞስ 412 ዶላር አለሽ እያሉኝ 48 ብቻ Available የሚሉት ሌላው የት ገብቶ ነው? ሸማኔው እየጠበቀኝ ነው፣ አፈርኩ እኮ።

ጦሳ_ሥር | ኅዳር 3

አብሽሪ እህቴ፣ እኔም ላይ ደርሷል። ሰበቡ ማረጋገጫው ነው። ሰነድሽ ሲያልቅ ሲስተሙ ገና አላወቀውም፣ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ ብሆን ባንኩን አውጥቼ በትክክለኛው ስም ያለውን ሌላ አካውንት አስገባለሁ፣ እንደ አዲስ ይነቃል። የእኔ እንደዛ ነው የተፈታው።

ፒያሳ_ጫማ | ኅዳር 3

ያው ሁሉም አንድ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ባለ አንድ አፕ ጫማ እሸጣለሁ፣ ዕቃው ሲደርስ ደንበኛው በእጅ ይከፍላል፣ አድራሹ ልጅ ብሩን ሰብስቦ ሳምንት ይይዘዋል። አንዴ 11 ቀን ቆይቶብኛል። ዋናው ነገር አድራሹን ስልኩን ይዞ መወትወት ነው። አንቺም የአድራሹን ስልክ ፈልጊ።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 3

ፒያሳ ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ሌላ ነው። የእሷን ገንዘብ አድራሽ አልያዘውም፣ ገዢው ገና ሲያዝ በካርድ ከፍሏል፣ ገንዘቡ ገበያው ጋ ነው ያለው።

እህቴ፣ ባንኩን እንዳትነኪው። በኋላ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። አሁን ሦስት ነገር ጻፊልኝ። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ፣ ከኮሚሽን በኋላ የቀረልሽ ስንት ነው፣ የተላከው መቼ ነው፣ «ደርሷል» የሚል ምልክት ካለ ቀኑ ስንት ነው። ቀኖቹን ገጹ ላይ እንዳለው በፈረንጅ ጻፊው፣ ወደ እኛ አትመልሺው። መሐል ላይ ሲገለበጥ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 3

እሺ ጋሼ።

አንደኛው አንድ ነጠላ፣ 48.00፣ Oct 30 ደርሷል ይላል። ሁለተኛው ሁለት ነጠላ ለአንድ ሰው፣ 96.50፣ Nov 7 ደርሷል። ሦስተኛው ሁለት ጋቢ ነው፣ 268.10፣ Oct 20 በኢኤምኤስ ከደሴ ፖስታ ቤት ላክሁት፣ «ደርሷል» የሚል የለም። ከሥሩ Est. delivery Nov 3 – Nov 21 ይላል።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 3

ጥሩ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ቁጥሮቹን ከገጹ ጋር አስተያዪያቸው። Available ላይ ያለው 48.00 የመጀመሪያዋ ነጠላ ናት። Reserved ላይ ያለው 96.50 ሁለተኛው ትዕዛዝ ነው። Pending ላይ ያለው 268.10 ጋቢዎቹ ናቸው። ምንም የጠፋ የለም፣ እያንዳንዱ ትዕዛዝ በሙሉ አንድ መደብ ላይ ተቀምጧል።

አሁን የሱቅሽን የክፍያ ደንብ ክፈቺና «ዕቃው ከደረሰ በኋላ ስንት ቀን» የሚለውን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ 7 ነው። አማዞን ላይም ለምሳሌ የመድረሻ ቀን ሲደመር 7 የሚባል ደንብ አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ገዢው «አልደረሰኝም» ወይም «የተለየ ዕቃ ነው» ካለ ገንዘቡን የሚመልስለት ገበያው ነው፣ አንቺ ወስደሽ ከጠፋሽ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ገዢው አይቶ የሚያጉረመርምበት ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ይይዙታል።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 3

አገኘሁት፣ አዎ 7 ቀን ይላል። ክፍያ ደግሞ በየ 14 ቀኑ ማክሰኞ።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 3

በቃ አብረን እንቁጠር።

የመጀመሪያዋ ነጠላ Oct 30 ደረሰች። 7 ቀን ሲደመር Nov 6 ነው። ያመለጠሽ የክፍያ ቀን ደግሞ Nov 4። አየሽው? በዚያን ቀን ፓስፖርትሽም ባንክሽም እንደ ብርሌ ጠርቶ ቢሆን ኖሮ የሚላክልሽ ዜሮ ነበር። ገና ያልበሰለ ገንዘብ ነው። ማረጋገጫው በዚህኛው ዙር ላይ ምንም አላስቀረብሽም።

ሰው የሚደናገረው ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ስለሚመጡ ነው። ማረጋገጫው ያንቺን የሰውዬዋን በር ነው የሚዘጋው፣ እሱ እስኪከፈት ከበሩ የሚወጣ የለም። የ 7 ቀኑ ግን የእያንዳንዱ ዕቃ ሰዓት ነው፣ በሩ ቢዘጋም ባይዘጋም ውስጥ ሆኖ መቁጠሩን አያቆምም። በሩ ሲከፈትም «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ወዲያው አይከፍልም፣ የሚቀጥለውን ማክሰኞ ይጠብቃል። ላንቺ እሱ Nov 18 ነው።

ሁለተኛው Nov 7 ደረሰ፣ Nov 14 ይለቀቃል፣ ለ Nov 18 ይደርሳል። ስለዚህ የዚያን ቀን የሚላክልሽ 48.00 እና 96.50 ነው፣ 144.50። ከዚያ ያነሰ ካየሽ ያኔ ጮኸሽ ጠይቂ።

የሚያሳስበኝ ጋቢው ነው።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 3

ለምን? ትልቁ ገንዘብ እሱ ነው እኮ፣ ልቤን አታቁመው።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 3

ኢኤምኤስ መከታተያ ቁጥሩን እንዴት አድርገሽ አስገባሽው? እንዳለ ቅጂልኝ፣ መሐሉን ሁለት ሦስት አኃዝ ደብቂው።

ወልድያ_ወዲህ | ኅዳር 3

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። Reserved የሚባለው እኔ እንደማውቀው ከእያንዳንዱ ሽያጭ 25 ፐርሰንት ይዞ ከወራት በኋላ የሚለቁት ነው። ወንድሜ ድረ ገጽ ላይ በካርድ ሲቀበል እንደዛ ነው ያደረጉት። ለአዲስ ሻጭ ሁሉ ነው፣ 90 ቀን ሲሞላ ይነሳል። እህቴ ያንን ነው መጠበቅ ያለብሽ።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 3

ወልድያ፣ የምትለው አለ፣ አልዋሸህም። የካርድ ክፍያ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች ከእያንዳንዱ ሽያጭ ቆንጥረው ለተወሰነ ቀን ይይዛሉ። ግን የትኛው እንደያዘህ ከቁጥሩ ይታወቃል። የተያዘው የትዕዛዙ ቁራጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ 96.50 ላይ 24 ብር ከምናምን ቢሆን...

የኮምቦልቻው | ኅዳር 3

ብር ብያለሁ፣ ዶላር። አዎ፣ ቁራጩ ከሆነ ያንተ ዓይነት ነው። እሷ ጋ ግን Reserved የሚለው 96.50 ልክ የአንድ ሙሉ ትዕዛዝ ዋጋ ነው። ሙሉ ትዕዛዝ ከተያዘ የመድረሻ ቀን ነው የሚጠበቀው። 90 ቀን የሚለውን ግን በየትኛውም ደንብ ላይ ካላየኸው ለሰው አትንገር፣ እያንዳንዱ ገበያ የራሱ አለው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ቀን አይጽፍም።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 4

ትናንት መብራት ጠፍቶ ነው። ይኸው እንዲህ ነው ያስገባሁት (መሐሉን ቀይሬዋለሁ)፦

```
EE 1OO 456 787 ET
```

የኮምቦልቻው | ኅዳር 4

ገምቼ ነበር። ዜሮውን በእንግሊዝኛ O ፊደል ነው የጻፍሽው። ክፍተትም አለበት። የፖስታ መከታተያ ቁጥር 13 ቦታ ነው፣ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የአገሩ ሁለት ፊደል፣ የእኛ ET። መሐሉ ላይ ፊደል የለም። ዘጠነኛው አኃዝ ደግሞ ከፊት ካሉት ስምንቱ ተሰልቶ የሚወጣ ነው፣ አንዷ ብትሳሳት ሲስተሙ አይቀበልም። እንዲህ መሆን አለበት፦

```
EE100456787ET
```

ገበያው ቁጥሩን ማንበብ ካልቻለ ዕቃው አሜሪካ ገብቶ ሰውዬው ለብሶት ቢውል እንኳ አያውቅም። ያኔ የሚይዘው የግምቱን የመጨረሻ ቀን ነው፣ Nov 21። 7 ሲደመር Nov 28፣ ስለዚህ የሚከፈለው በዚያ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ፣ Dec 2። ለዚህ ነው Pending ላይ ቁጭ ያለው፣ ሰዓቱ ራሱ ገና አልተነሳም።

አስተካክዪውና ምን እንደሚል ንገሪኝ።

ሐይቅ_ዳር | ኅዳር 4

ስለ ስሙ ጉዳይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያልፍ ይሆናል ሌላው ግን ይጠቀምበታል። የእኔ ስሜ ትክክል ነው፣ የወደቀው የልደት ዘመኔ ነበር። ቀበሌ መታወቂያዬ ላይ 1985 ይላል፣ ፓስፖርቴ ላይ 1993። እኔ ፎርሙ ላይ ለምጄ 1985 አልኩ። ለፈረንጁ ስምንት ዓመት ያረጀ ሌላ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ያንኑ ሰነድ ላክሁ፣ ሦስት ጊዜ ውድቅ። ለመሆኑ እኔ ማን ነኝ እያልኩ ነበር ወላሂ። በመጨረሻ ፎርሙን አስተካክዬ አንድ ጊዜ ብቻ ላክሁ፣ በ 2 ቀን አለፈ።

አድራሻም ላይ እንዲሁ። እኛ ጋ የመንገድ ቁጥር የለም። ስቴትመንቱ ላይ ያለውን እንዳለ፣ ቀበሌውንም ፖስታ ሣጥኑንም፣ ፊደል በፊደል ፎርሙ ላይ መገልበጥ ነው የሚያዋጣው። አሳምሬ ልጻፍ ያለ ይወድቃል።

ጦሳ_ሥር | ኅዳር 4

እሺ የኮምቦልቻው፣ እኔ ማረጋገጫው ነው ስል ተሳስቼ ይሆናል። ግን ባንኩን አትንኪ ያልከው ለምንድን ነው? የእኔ ተፈቷል እኮ።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 4

ያንተ የተፈታው ባንኩን ስለቀየርህ ሳይሆን የክፍያ ቀንህ በዚያው ሳምንት ስለወደቀ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ገበያዎች ባንክ ሲቀየር ለጥቂት ቀናት ክፍያ ያቆማሉ፣ ሌባ አካውንት ሰብሮ ገብቶ የራሱን ባንክ እንዳያስገባ ነው። እሷ ዛሬ Nov 13 ቀይራ እስከ Nov 18 ቢያቆሙባት 144.50ዋ ወደ Dec 2 ትሸጋገራለች። ስሙም እንደገና መመርመሩ አይቀርም። የግድ መቀየር ካለባት ገንዘቡ በተላከ ማግሥት ትቀይር፣ ያኔ 13 ቀን አላት።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 4

አስተካከልኩት! ሩብ ሰዓት አልሞላም መጣ። Delivered Nov 10, 7:40 PM ይላል። ደርሷል እኮ! ገዢዋ እንኳ አልጻፈችልኝም። 10 እና 7 17 ነው፣ Nov 17፣ ለ 18 ይደርሳል ማለት ነው አይደል? ጠቅላላው 412.60 አንድ ላይ ሊመጣ ነው?

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይህን ከጻፍኩ ወዲህ ቴሌግራም ላይ አንድ ልጅ «2,500 ብር ላኪና የተያዘውን አስለቅቅልሻለሁ፣ ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎኛል። ኮድ ሲመጣልሽ ላኪልኝ ይላል።

ሐይቅ_ዳር | ኅዳር 4

ዝጊው እህቴ! ኮዱን ካገኘ የራሱን ባንክ ነው የሚያስገባው። 7 ቀን የሚቆጥረውን ማሽን በውስጥ ሰው ማስቸኮል አይቻልም።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 4

ሐይቅ እንዳለው። ብሎክ አድርጊው።

ስለ ጋቢው፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን ሸማኔውን ገና አትጥሪው። 7:40 PM የሚለው የገዢዋ አገር ሰዓት ነው። ምሥራቅ አሜሪካ ከሆነች አሁን ዩቲሲ ከሚባለው የዓለም መነሻ ሰዓት 5 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ ስለዚህ በዩቲሲ 00:40 ነው፣ Nov 11 ገብቷል። ሲስተሙ ቀኑን በዩቲሲ ከቆጠረ የሚለቀቀው Nov 18 ነው። የክፍያው ስሌት የሚዘጋበትን ሰዓት እይው፣ ገጹ ከሥር በትንሹ ይጽፈዋል።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 4

00:00 UTC ይላል። በእኛ ሲሆን?

የኮምቦልቻው | ኅዳር 4

እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በፈረንጅ ሰዓት 3:00 AM። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ Available ውስጥ ያለው ብቻ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የገባው ሌላ 14 ቀን ነው። ጋቢው በዚህ በ 40 ደቂቃ ሊያመልጥሽ ይችላል። ቀኑን በገዢዋ አገር የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ይደርስልሻል። እርግጠኛውን የምናየው ማክሰኞ ነው።

ወልድያ_ወዲህ | ኅዳር 5

የእኔ ወንድም ገበያ ላይ በገዢው አገር ቀን ነው የሚቆጠረው፣ ይደርሳል።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 5

ወንድምህ ባለፈው ድረ ገጽ ላይ በካርድ ነበር የሚቀበለው።

ወልድያ_ወዲህ | ኅዳር 5

ሁለቱም አለው ባክህ።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 9

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ እናቴ ልጅቱ አበደች ብላለች። ጠዋት ገጹ ይህን ብሏል፦

```
Payout sent      144.50
Available        268.10
Reserved           0.00
Pending            0.00
Next payout       Dec 2
```

ጋቢው አመለጠኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ Reserved ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት Available ሆነ። በ 40 ደቂቃ ይሁን በምን አላውቅም።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 9

144.50 ልክ ነው። ጋቢው ግን ቁጥሩን ባታስተካክዪውም Dec 2 ነበር የሚከፈለው፣ ስለዚህ ለክፍያው ቀን ልፋታችን ምንም አልለወጠም፣ ይህን ሳልደብቅ ልንገርሽ። የጠቀመሽ ሌላ ቦታ ነው። ገዢዋ ነገ ተነስታ «አልደረሰኝም» ብትል የመድረሻው ምልክት በእጅሽ አለ። የተሳሳተው ቁጥር እንዳለ ቢቀር 268 ዶላሩን መልሰው ይወስዱብሽ ነበር።

Payout sent ማለትም ከእነሱ ወጣ ማለት እንጂ ደሴ ገባ ማለት አይደለም። ደንቡ ላይ የሥራ ቀን ስንት ይላል?

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 9

ከ 3 እስከ 5። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም አይደል?

የኮምቦልቻው | ኅዳር 9

አይቆጠርም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከነገ ጀምረሽ ቁጠሪ። ዓርብ ቢገባ ጥሩ፣ እስከ ሚቀጥለው ማክሰኞ ግን አትደናገጪ። ለሸማኔው የምትይውን ቀን ከዚያ ላይ ተነስተሽ ንገሪው።

ጦሳ_ሥር | ኅዳር 9

እኔ ግን አንድ አልገባኝም። ቀኑን በዩቲሲ ነው የቆጠሩት ወይስ የለቀቁበት ሰዓት ነው የዘገየው? በገዢዋ አገር Nov 17 ሲያልቅ ለቅቀው ቢሆንስ? ያም እኮ ከ 00:00 በኋላ ነው የሚወድቀው።

የኮምቦልቻው | ኅዳር 9

እሱን ከአንድ ትዕዛዝ መለየት አይቻልም፣ ጥሩ ጠይቀሃል። በገዢው አገር ቀትር ላይ የደረሰ ሌላ ዕቃ ቢኖራት ኖሮ እናየው ነበር።

ሰኞገበያ_ሸማ | ኅዳር 16

ሰኞ ገባ። ባንኩ ስሙን ሳያንገራግር ተቀበለው። ሸማኔው ግማሹን ወስዷል፣ ቀሪውን ለ Dec 2 ቀጥሬዋለሁ፣ በእኛ ኅዳር 23 ነው፣ ሲደመር 5 የሥራ ቀን ብዬ ነግሬዋለሁ። «ምንድን ነው ሲደመር?» አለኝ፣ ማስረዳት አቃተኝ። ጦሳ፣ አዲስ አንድ ነጠላ ትናንት ልኬያለሁ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አይቼ ነው ያስገባሁት። በስንት ሰዓት እንደሚደርስ አይተን ያንተን ጥያቄ እዚሁ እመልሳለሁ።